የውሎ አበልና የጉዞ አበል ግብር በኢትዮጵያ

ውሎ አበል ማለት ሠራተኛ ከመደበኛ የሥራ ቦታው ርቆ ሲሠራ ለምግብና ለአልጋ እንዲሆነው ቀጣሪው በቀን አስልቶ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። የጉዞ አበል ወይም የመጓጓዣ ክፍያ ደግሞ ለአውቶቡስ፣ ለታክሲ፣ ለአውሮፕላን ወይም ለሌላ ማጓጓዣ የሚሰጠው ነው። ሁለቱም ከደመወዝ የተለዩ ክፍያዎች ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ መሠረት በሥራ ጉዞ ላይ ለወጣ ወጪ እስከተከፈሉና ከተፈቀደው ጣሪያ እስካላለፉ ድረስ ግብር አይከፈልባቸውም። ከጣሪያው በላይ የሆነው ወይም ጉዞ መኖሩ ያልተረጋገጠለት ክፍያ ግን ከወሩ ደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይታሰብበታል።

ይህ ጽሑፍ ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሄደችን አንዲት ሠራተኛ እንደ ምሳሌ ወስዶ አበሉ እንዴት እንደሚሰላ፣ ግብሩ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ሂሳቡ እንዴት እንደሚመዘገብና በወሩ መጨረሻ እጇ ላይ የሚደርሰው ገንዘብ ለምን እንደሚለወጥ ያሳያል።

## የክፍያዎቹ ዓይነቶች

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁሉም «አበል» ይባላሉ። ለግብር ስሌት ግን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው ውሎ አበል ነው። ሠራተኛው ላወጣው ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ እንዲያቀርብ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ጉዞው መደረጉንና ስንት ቀን እንደፈጀ ማስረዳት ነው። ቆጥቦ ቢያተርፍ ትርፉ የራሱ ነው፤ ቢያንሰውም ከኪሱ ይሞላል።

ሁለተኛው የጉዞ ወጪ መተኪያ ነው። ሠራተኛው ለሥራ ጉዞ ያወጣው የትኬት ዋጋ በማስረጃ ተረጋግጦ ይመለስለታል። ሠራተኛው ያወጣውን መልሶ ስላገኘ እንጂ አዲስ ገቢ ስላላገኘ ግብር አይታሰብበትም።

ሦስተኛው ወርሃዊ የመጓጓዣ አበል ነው። ሠራተኛው ተጓዘም አልተጓዘም፣ በማጓጓዣ አገልግሎት ፋንታ በቅጥር ውሉ መሠረት በየወሩ ይከፈለዋል። ይህም ከግብር ነፃ የሚሆነው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ብቻ ነው።

የውሎ አበልና የወርሃዊ መጓጓዣ አበል ጣሪያዎች አቀማመጥ ይለያያል። በገንዘብ ሚኒስቴር መመሪያዎች በተለመደው አሠራር፣ የውሎ አበል ጣሪያ የሚታወቀው የተወሰነ የብር መጠንና የወር ደመወዝ የተወሰነ መቶኛ ተነጻጽረው ከፍተኛው ሲወሰድ ነው። ለወርሃዊ የመጓጓዣ አበል ግን የደመወዙ ሩብና የተወሰነ የብር መጠን ተነጻጽረው ዝቅተኛው ይወሰዳል። ሁለቱን ማደባለቅ በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር (ፔሮል) ላይ ስህተት ያመጣል። የብር መጠኖቹ በመመሪያ ስለሚሻሻሉ፣ ሂሳብ የሚሠራ ሰው በክፍያው ወር በሥራ ላይ የነበረውን መመሪያ መመልከት አለበት።

## የግብሩ መሠረት

ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር የሚጣልበት በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ሀ» ነው። ይህ አዋጅ በ1994 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 286 ተክቷል። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ የግብር መጣኔው ተቀይሮ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከተለው ሆኗል።

| የወር ገቢ (ብር) | መጣኔ | ተቀናሽ (ብር) |
|---|---|---|
| እስከ 2,000 | 0% | 0 |
| 2,001 – 4,000 | 15% | 300 |
| 4,001 – 7,000 | 20% | 500 |
| 7,001 – 10,000 | 25% | 850 |
| 10,001 – 14,000 | 30% | 1,350 |
| ከ14,000 በላይ | 35% | 2,050 |

ግብሩ የሚገኘው ጠቅላላውን ግብር የሚከፈልበት ገቢ በመጣኔው አባዝቶ ተቀናሹን በማንሳት ነው። ተቀናሹ የገባው ከታች ያሉት እርከኖች በዝቅተኛ መጣኔያቸው እንዲታሰቡ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከ10,000 ብር ሲያልፍ 30% የሚከፍለው ካለፈው ላይ ብቻ እንጂ በገቢው ሁሉ ላይ አይደለም።

ግብሩን ቀንሶ ማስቀረት የቀጣሪው ግዴታ ነው። ቀጣሪው የወሩን ግብር ቀንሶ ወሩ ካለቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ ያስገባል። ሳይቀንስ ቢቀር ተጠያቂነቱ ወደ ራሱ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሂሳብ ሠራተኞች ማስረጃ የሌለውን ውሎ አበል ከግብር ነፃ አድርገው ማለፍ አይደፍሩም።

ግብሩ የሚገባበት ቋት እንደ ቀጣሪው ይለያያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 እና 97 መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የሚሰበሰበው የፌዴራሉ ሲሆን፣ ከክልል መንግሥትና ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች የሚሰበሰበው የክልሉ ነው። ስለዚህ በሮቤ የሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህር ግብር ወደ ፌዴራል መንግሥት ሲሄድ፣ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ሠራተኛ ግብር ወደ ኦሮሚያ ክልል ይሄዳል።

## የቀናት አቆጣጠር

ውሎ አበል የቀን ክፍያ ቢሆንም ቀኑ ሁልጊዜ ሙሉ አይሆንም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእነሱን አሠራር በሚከተሉ ድርጅቶች የአንድ ቀን አበል በአራት ተከፍሎ ይታሰባል። ቁርስ 10%፣ ምሳ 25%፣ እራት 25%፣ አልጋ 40% ይይዛሉ።

ክፍፍሉ በተለይ ለአጭር ጉዞ ይጠቅማል። ጎባ ከሮቤ በ14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ስለምትገኝ፣ ጠዋት ከቢሮ ተነስቶ ጎባ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ የአልጋ ድርሻ አይገባውም። የሚገባው የምሳው 25% ነው። የሳነቴን አምባ አቋርጦ ደሎ መና የወረደና እዚያው ያደረ ሠራተኛ ግን ለዚያ ቀን ሙሉውን ይወስዳል። አልጋውን ወይም ምግቡን አስተናጋጁ ድርጅት ከቻለ ደግሞ ያ ድርሻ ከአበሉ ይቀነሳል።

## በምሳሌ

በሮቤ ከተማ ቢሮ ያለው አንድ የግል የዘር ድርጅት አለ እንበል። የድርጅቱ የመስክ ባለሙያ የወር ደመወዟ 12,000 ብር ነው። ድርጅቱ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሠራተኛ በቀን 700 ብር ውሎ አበል ይከፍላል። ለስሌቱ እንዲመች፣ ከግብር ነፃ የሆነው የቀን ጣሪያ 500 ብር ወይም የወር ደመወዝ 4% ከሁለቱ ከፍተኛው ነው ብለን እንያዝ። የ12,000 ብር 4% 480 ብር ስለሆነ የእሷ ጣሪያ 500 ብር ይሆናል።

### ጉዞ በሌለበት ወር

ግብሩ 12,000 × 30% − 1,350 = 2,250 ብር ነው። የጡረታ መዋጮዋ የደመወዟ 7% ማለትም 840 ብር ነው። በኢትዮጵያ ሕግ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ግብር ከመታሰቡ በፊት ከገቢው አይነሳም። ስለዚህ የተጣራ ደመወዟ 12,000 − 2,250 − 840 = 8,910 ብር ነው።

### ጉዞ ባለበት ወር

ባለሙያዋ ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሮቤ ተነስታ አዲስ አበባ ሰንብታ አርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተመለሰች። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራቱ ቀናት ሙሉ ናቸው። አርብ ቤቷ ስላደረች አልጋ አይታሰብላትም፤ ቁርስ 70፣ ምሳ 175፣ እራት 175፣ በድምሩ 420 ብር ይገባታል።

- ውሎ አበል፦ 4 × 700 + 420 = 3,220 ብር
- የአውቶቡስ ትኬት ደርሶ መልስ በደረሰኝ፦ 1,600 ብር

አሁን ከጣሪያው ያለፈውን እንፈልግ። በአራቱ ሙሉ ቀናት በየቀኑ 200 ብር ያልፋል፤ ይህም 800 ብር ነው። የአርብ 420 ብር ከ500 በታች ስለሆነ ትርፍ የለውም። የትኬቱ 1,600 ብር በማስረጃ የተመለሰ ወጪ ስለሆነ በሙሉ ነፃ ነው።

እዚህ ላይ ጣሪያው የቀን መሆኑን መርሳት የለብንም። አምስቱን ቀን ደምሮ 3,220 − 2,500 = 720 ብር ያለ ሰው፣ ከአርብ ጣሪያ ያልተሞላውን 80 ብር ለሌሎቹ ቀናት አበድሯል ማለት ነው። በቀን በቀን ሲሰላ ግን ትርፉ 800 ብር ነው።

ይህ 800 ብር ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 12,800 ብር ይሆናል። ግብሩም 12,800 × 30% − 1,350 = 2,490 ብር ነው፤ ካለፈው ወር በ240 ብር ይበልጣል። ጡረታ የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ስለሆነ 840 ብር እንደነበረ ይቆያል።

### ማስረጃው ባይሟላስ?

ባለሙያዋ የጉዞ ደብዳቤዋን ባታስፈርም፣ ትኬቶቹንም ብትጥል፣ ሂሳብ ክፍሉ 3,220ውንም 1,600ውንም በደመወዝ ላይ ለመደመር ሊገደድ ይችላል። ያኔ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 16,820 ብር ይደርሳል። 14,000ን ስላለፈ ግብሩ 16,820 × 35% − 2,050 = 3,837 ብር ይሆናል።

| | ጉዞ የለም | ማስረጃ ያለው ጉዞ | ማስረጃ የሌለው ጉዞ |
|---|---|---|---|
| ደመወዝ | 12,000 | 12,000 | 12,000 |
| ውሎ አበል | – | 3,220 | 3,220 |
| የትኬት መተኪያ | – | 1,600 | 1,600 |
| ግብር የሚከፈልበት | 12,000 | 12,800 | 16,820 |
| ግብር | 2,250 | 2,490 | 3,837 |
| ጡረታ | 840 | 840 | 840 |
| ለሠራተኛዋ የደረሰ | 8,910 | 13,490 | 12,143 |

ጉዞውም ወጪውም አንድ ነው። በሁለቱ የመጨረሻ ዓምዶች መካከል ያለው 1,347 ብር የመጣው በወረቀት ምክንያት ብቻ ነው። የአውቶቡሱን 1,600 ብር በእርግጥ አውጥታዋለች፤ ሆኖም ትኬቱ ስለጠፋ ለአውቶቡስ ድርጅቱ በከፈለችው ገንዘብ ላይ እሷ ግብር ትከፍላለች።

## አመዘጋገብ

### የሚያስፈልጉ ሰነዶች

ከጉዞው በፊት መድረሻውን፣ ዓላማውንና ቀናቱን የሚገልጽ በኃላፊ የተፈረመ የጉዞ ትዕዛዝ ይወጣል። በጉዞው ላይ ሠራተኛው የደረሰበትና የተመለሰበት ቀን በሄደበት መሥሪያ ቤት ማኅተም ይረጋገጥለታል፤ ትኬቶቹንም ያስቀምጣል። ሲመለስ የመነሻና የመመለሻ ሰዓቱን ጽፎ ሂሳቡን ያወራርዳል። ሰዓቱ የሚጻፈው ቁርስ፣ እራት ወይም አልጋ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው በእሱ ስለሚወሰን ነው።

### የሂሳብ መዝገብ

ውሎ አበል አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው በፊት በቅድሚያ ይሰጣል። በቅድሚያ የተሰጠው ገንዘብ ገና ወጪ አይደለም፤ ከሠራተኛው የሚወራረድ ተሰብሳቢ ነው። ለምሳሌ ባለሙያዋ ከመሄዷ በፊት 4,500 ብር ወስዳ ከሆነ ምዝገባው እንደሚከተለው ነው።

ሲሰጥ፦
- ዴቢት፦ ከሠራተኛ ተሰብሳቢ 4,500
- ክሬዲት፦ ባንክ 4,500

ሲወራረድ፦
- ዴቢት፦ የውሎ አበል ወጪ 3,220
- ዴቢት፦ የመጓጓዣ ወጪ 1,600
- ክሬዲት፦ ከሠራተኛ ተሰብሳቢ 4,500
- ክሬዲት፦ ባንክ 320

የመጨረሻው 320 ብር ባለሙያዋ ከኪሷ የጨመረችው ስለሆነ ይከፈላታል። በመንግሥት የበጀት ሂሳብ መደቦች ውሎ አበል በ6231፣ የመጓጓዣ ክፍያ በ6232 ይመዘገባል። ሁለቱ ተለይተው የሚያዙት በአንዱ ላይ የቀን ጣሪያ ስላለ፣ ሌላው ደግሞ በደረሰኝ ስለሚረጋገጥ ነው።

### በፔሮል ላይ

የአበሉ ገንዘብ ቀድሞ ስለተከፈለ በወሩ መጨረሻ ድጋሚ አይከፈልም። ግብር የሚከፈልበት 800 ብር ግን በፔሮሉ ላይ በራሱ ዓምድ መግባት አለበት። በዚህ ወር ባለሙያዋ በባንክ የምታገኘው 12,000 − 2,490 − 840 = 8,670 ብር ነው፤ ከተለመደው 8,910 በ240 ብር ያንሳል።

ከመስክ የተመለሱ ሠራተኞች «ደመወዜ ለምን ተቆረጠ?» ብለው ሂሳብ ክፍል የሚሄዱት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ደመወዙ አልተቆረጠም፤ ቀድሞ በእጅ የተሰጠው አበል ግብር በወሩ መጨረሻ ተነስቷል። የክፍያ ወረቀቱ «ግብር የሚከፈልበት ውሎ አበል» የሚል መስመር ከሌለው ግን ሠራተኛው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም።

በኤክሴል ፔሮል ለሚሠራ ሰው፣ በ`B2` ደመወዝ፣ በ`C2` ከጣሪያ ያለፈ አበል ካለ፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በ`D2` እና ግብሩ በ`E2` እንዲህ ይጻፋሉ።

```
D2: =B2+C2
E2: =MAX(0, D2*15%-300, D2*20%-500, D2*25%-850, D2*30%-1350, D2*35%-2050)
```

ቀመሩ እርከኑን በ`IF` መፈለግ አያስፈልገውም። መጣኔው ወደ ላይ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ከመስመሮቹ ሁሉ ከፍተኛውን ውጤት የሚሰጠው ሁልጊዜ ትክክለኛው እርከን ነው። ለ12,800 ብር 30% ያለው መስመር 2,490 ሲሰጥ፣ 25% ያለው 2,350፣ 35% ያለው 2,430 ይሰጣል። ለማረጋገጥ 12,000 አስገብቶ 2,250 መውጣቱን ማየት ይቻላል።

## የተለመዱ ስህተቶች

ትርፉን ለብቻው መቅጣት። 800 ብሩን ለብቻው በሠንጠረዡ ያስገባ ሰው ከ2,000 በታች ስለሆነ ግብሩ ዜሮ ነው ይላል። ይህ ስህተት ነው። ሠንጠረዡ የወሩን ገቢ በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚያየው፤ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃነትም በደመወዙ ላይ አንድ ጊዜ ተሰጥቷል። ስህተቱ የሚታወቀው የፔሮሉ ግብር ደመወዝና ትርፍ ተደምረው ከሚሰጡት ግብር ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው።

ጉዞ የሌለው ውሎ አበል። አንዳንድ ቀጣሪዎች ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ በየወሩ ተመሳሳይ መጠን ያለው «ውሎ አበል» ይከፍላሉ። ክፍያው በየወሩ አንድ ዓይነት ከሆነና የጉዞ ትዕዛዝ ከሌለው ስሙ ምንም ይሁን ደመወዝ ነው። ኦዲተር ይህን የሚለየው የአበሉን ዝርዝር ከሰዓት ፊርማ መዝገብ ጋር በማመሳከር ነው፤ መስክ ነበር የተባለው ሰው በዚያው ቀን ቢሮ ፈርሞ ይገኛል። ሠራተኛውም በዚህ አሠራር ይጎዳል፤ ጡረታው በመደበኛ ደመወዙ ላይ ብቻ ስለሚታሰብ ዓመታት ቆይቶ የሚያገኘው አበል ያንሳል።

ለአንድ ቀን ሁለት ክፍያ። ሠራተኛው ሥልጠና ሲሄድ አዘጋጁም የራሱ መሥሪያ ቤትም ሊከፍሉት ይችላሉ። ለአንድ ምሳና ለአንድ አልጋ ሁለት ጊዜ መክፈል የወጪ መተኪያ ሊባል አይችልም። በማወራረጃው ቅጽ ላይ «ከሌላ አካል የተከፈለ» የሚል ቦታ መኖሩ ይህን ያስቀራል።

ሳይወራረድ የቀረ ቅድሚያ ክፍያ። ሂሳቡ እስካልተወራረደ ድረስ ገንዘቡ በሠራተኛው ስም ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የጊዜ ገደቡ ካለፈ በኋላ ከደመወዝ ይቆርጡታል። ያኔ በሠራተኛው ላይ የሚያርፈው የግብሩ ልዩነት ሳይሆን ሙሉው 4,500 ብር ነው።